ዩኒቨርሲቲ ወይስ ዩኒቨርስቲ? ጥፋቱ የተየበው ሰው አይደለም

«የባዕድ ቃል በባለቤቱ አነጋገር ልክ መጻፍ አለበት። የቴሌቪዥንም የዩኒቨርሲቲም ባለቤት እንግሊዝኛ ነው። ፊደላችን የማይጽፈው ድምፅ የለም። አንዱን ቃል በሦስት በአራት መልክ የምናየው የሚተይቡት ሰዎች ግድ ስለሌላቸው ብቻ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቃሉን መስማት፣ እንደሰሙት መጻፍ፣ የተሳሳተውን በኮምፒውተር ባንዴ መተካት።»

ይህን ያነበብኩት ስለ ባዕድ ቃላት አጻጻፍ ከተጻፈ አንድ ጽሑፍ ላይ ነው። እኔ ጅማ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና የኅትመት ሱቅ አለኝ። ማመልከቻ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ባነር፣ የሰርግ ጥሪ፣ ማኅተም፤ የመጣውን እንሠራለን። ስለዚህ «የሚተይቡት ሰዎች» የተባልነው እኛ ነን። አልተቀየምኩም። ግን አራቱንም ነጥብ በየተራ ላያቸው ፈለግሁ። ምክንያቱም ያንን ምክር የተከተለ ሰው ሥራ ይበላሽበታል። እኔ ተከትዬው ተበላሽቶብኛል። እሱን ወደ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

ከባለቤትነቱ ልጀምር።

እሺ፣ የቴሌቪዥን ባለቤት እንግሊዝኛ ይሁን። እንግሊዙ ቃሉን ሲጠራው እናዳምጠው። ሁለተኛዋ ላይ ሲደርስ «ሌ» አይልም። አጠር ያለች፣ ወደ «ሊ» የቀረበች ድምፅ ናት የምታመልጠው። በጸሐፊው ሕግ ከሄድን «ቴሊቪዥን» ብለን ልንጽፍ ነው። እንደዚያ የሚጽፍ ሰው እስከዛሬ አልገጠመኝም። ጸሐፊውም ራሳቸው አልጻፉም። የፊቱ «ቴሌ» ይበልጥ ፈረንሳይኛውን ይመስላል። የኋላው «ዥን» ግን የእንግሊዝኛው ነው፤ ፈረንሳዩ «ዝዮን» ብሎ በአፍንጫው ነው የሚጨርሰው። ጣሊያኑ ደግሞ «ቴሌቪዝዮኔ» ይላል። የእኛው ቃል የአንዳቸውም ቅጂ አይደለም። ግማሹ ከወዲያ፣ ግማሹ ከወዲህ ሆኖ እዚሁ ያደገ ቃል ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ዓይናችን የለመደውም ይህንኑ መልክ ነው።

ዩኒቨርሲቲም ያው ነው። የለንደን ሰው መሀል ላይ ያለችውን «ር» ይውጣታል። እንደሰማን እንጻፍ ካልን «ዩኒቨሲቲ» ልንል ነው። አሜሪካዊው ደግሞ ይጠራታል። ታዲያ የትኛውን ባለቤት እንስማ?

«ራዲዮ» ስንል ከጣሊያኑና ከፈረንሳዩ ጋር እንስማማለን። «ሬዲዮ» ስንል ከእንግሊዙ ጋር። ሁለቱም በየጊዜው በየበራቸው ገብተዋል። መኪና፣ ጋዜጣ፣ ፋብሪካ፣ ፖስታ፣ ጎማ የመጡት ከጣሊያንኛ ነው። ጣሊያኑ «ማኪና» ነው የሚለው፤ እኛ ግን ማዋን ወደ መ አዙረን መኪና አልነው። ዛሬ አንድ ሰው ተነስቶ «በባለቤቱ ልክ ማኪና በሉ» ቢለን ጋራዥ ያለው ሁሉ ይስቅበታል። ቃሉ አንዴ ከገባ ባለቤቱ አማርኛ ነው። ጥያቄው አማርኛ ውስጥ የትኛው መልክ ይሻላል የሚለው ነው እንጂ ለንደን ምን ይላሉ አይደለም።

አሁን ወደ ፊደሉ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነው።

ፊደላችንን እወደዋለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ግን ሁሉን ድምፅ ይጽፋል ማለት አይቻልም። እንኳን የባዕዱን፣ የራሳችንንም አሟልቶ አይጽፍም። «አለ» ብዬ ብጽፍ «ተናገረ» ማለቴ ይሁን «ይገኛል» ማለቴ ካልተነበበ በቀር አይለይም። ሁለተኛው ላይ ለ ይጠብቃል፣ መጥበቁን የሚያሳይ ምልክት ግን የለንም። የባዕድ ድምፅ ሲመጣም ፊደል መጨመር ነበረብን። ቨ እኮ በ ናት፤ ቆብ ደፍታ የባዕድ ቃል ለመቀበል ቆመች። በጥንቱ ዘመን የግሪኩ ጴጥሮስና ጳውሎስ ሲገቡም ጰ አስፈልጋለች።

ትልቁ ጣጣ ግን ሳድሷ ናት። «ትምህርት» የሚለውን ቃል ቀስ ብላችሁ ጥሩት። አምስት ፊደል ነው፣ አምስቱም ሳድስ። የመጀመሪያዋ ት አናባቢ አላት፤ ም የላትም፤ ህ አላት፤ መጨረሻ ላይ ያሉት ር እና ት የላቸውም። ፊደሎቹን አይቶ ይህን የሚነግራችሁ ነገር የለም። የምታውቁት ቃሉን ስለምታውቁት ነው። ሳድስ ሁለት ሥራ ደርባ ትሠራለች ማለት ነው፦ አንዳንዴ አናባቢ ይዛ፣ አንዳንዴ ባዶዋን። ለራሳችን ቃል ይህ ችግር የለውም፤ ከእናታችን ሰምተነዋል። ለእንግዳ ቃል ግን «ስ» የሚል ጽሑፍ ያየ አንባቢ እንዴት እንደሚያነበው አያውቅም።

አሁን የእንግሊዝኛውን አጭር «ኢ» አምጡ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሀል ላይ ያለችው ማለት ነው። ይህች ድምፅ እንደ እኛ ሣልስ የጠራች አይደለችም፤ እንደ ሳድሷም የደበዘዘች አይደለችም። መካከል ላይ ትወድቃለች። አንዱ ጆሮ ወደ ሲ ይስባታል፣ ሌላው ወደ ስ። ሁለቱም በትክክል ሰምተዋል። መካከሉ ላይ ፊደል ስለሌለን አንዱን መምረጥ ግድ ይሆናል፣ ሰው ሁሉ ደግሞ አንድ ዓይነት አይመርጥም።

ሦስተኛው ነጥብ፣ የእኛ ግድየለሽነት፣ እዚሁ ላይ ይፈርሳል። ግድ ማጣት ቢሆን ኖሮ ስህተቱ የትም ይወድቅ ነበር። አይወድቅም። በሱቄ ያለፉትን ወረቀቶች አይቻለሁ፦ «ዩኒቨርሲቲ»፣ «ዩኒቨርስቲ»፣ «ዩንቨርሲቲ»፣ «ዩንቨርስቲ»። የሚለዋወጡት ሁለት ፊደሎች ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም በሣልስና በሳድስ መካከል። «ዮኒቨርሲቲ» የሚል አላየሁም። «ዩኒቨርሱቲ» የሚልም የለም። መጨረሻ ላይ ያለችውን ቲ «ት» ያደረጋትም የለም፤ ምክንያቱም የቃል መጨረሻ ላይ ያለች ኢ ለጆሯችን ጥርት ብላ ነው የምትሰማው። ሌሎቹንም ተመልከቱ፦ ቴሌቪዥንና ቴሌቭዥን፣ ፕሬዚዳንትና ፕሬዝዳንት፣ ኢንጂነርና ኢንጅነር፣ ኦክሲጅንና ኦክስጅን፣ ቪዲዮና ቪድዮ። ሁሉም ቦታ ያው የሣልስና የሳድስ ጠብ ነው። ሰካራም ሰው እንዲህ አንድ መስመር ላይ ብቻ አይወድቅም።

ደግሞ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የጸሐፊው ጽሑፍ ራሱ መግቢያው ላይ «ዩኒቨርሲቲ» ብሎ ወደ መጨረሻው «ዩኒቨርስቲ» ይላል። ግድ የሌላቸው ሰው ናቸው አልልም። ስለዚህ ነገር አንድ ሙሉ ጽሑፍ የጻፈ ሰው ግድ ከሌለው ማን ሊኖረው ነው?

እኛ ጅማ ውስጥ ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ የለብንም። የከተማችን ስም ራሱ ያው ጣጣ አለበት። «ጅማ» የሚጽፍ አለ፣ «ጂማ» የሚጽፍ አለ። በአፋን ኦሮሞ በስሙ ውስጥ ያለችው «ኢ» አጭር ናት፣ ግን እውነተኛ አናባቢ ናት። በቁቤ አጭር አናባቢ አንዴ፣ ረጅሙ ሁለቴ ስለሚጻፍ ክርክር የለም። ወደ አማርኛ ሲሻገር ነው ወይ ጂ ወይ ጅ መባል ያለበት። አብራኝ የምትሠራውን ልጅ፣ አፏን በኦሮምኛ የፈታች ናት፣ አንድ ቀን «የትኛው ነው ልክ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ጋሼ፣ ሁለቱም እኛ እንደምንለው አይደለም» አለችኝ እየሳቀች።

አሁን «ጅማ ዩኒቨርሲቲ» የሚለውን ስም ይዛችሁ ሒሳቡን ሥሩት። ጅ ወይ ጂ፣ ኒ ወይ ን፣ ሲ ወይ ስ። ሁለት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት፣ ስምንት። የአንድ ተቋም ስም በስምንት መልክ ሊጻፍ ይችላል፣ ስምንቱንም ጆሮ ያለው ሰው ነው የጻፋቸው።

ለጸሐፊው አንድ ነገር ልተውላቸው። «ተለቪዥን» እና «ቴለቪዥን» የሚሉት ከጆሮ የመጡ አይደሉም፤ እነሱ የእኛ የጣት ጥፋት ናቸው። በድምፅ በሚተይቡ ብዙ ኪቦርዶች ላይ ትንሿ `e` ግዕዝን ትሰጣለች፣ ትልቋ `E` ኃምስን። `tElEviZn` ብሎ መተየብ ሲገባ `televiZn` ከተባለ ተለቪዥን ይወጣል። አንዱን ብቻ ከረሱ ተሌቪዥን ወይም ቴለቪዥን ይሆናል። ይሄ ግድየለሽነት ከተባለ ይባል፣ እቀበላለሁ። እንግሊዝኛውን ሌት ተቀን ብናዳምጥ ግን አይስተካከልም፤ የሚስተካከለው ጣት ሲለምድ ነው።

ወደ መፍትሔው እንምጣ። «እንደሰሙት መጻፍ» የሚለው ምክር የሚጎዳበት ቦታ አለ። «ሚኒስቴር» መሥሪያ ቤቱ ነው፣ «ሚኒስትር» ሰውየው። ሚኒስቴር የፈረንሳይኛውን መልክ ይዞ ቀርቷል። ፈጠን ብሎ ሲወራ ሁለቱ ለጆሮ ይቀራረባሉ፤ እንደሰማ የሚጽፍ ሰው «የጤና ሚኒስትር ሕንፃ» ብሎ ሕንፃውን ለሰውየው ያወርሰዋል። እኛ ጋ ከሚመጡት ደብዳቤዎች ውስጥ ከዩኒቨርስቲ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህኛው ነው። ዩኒቨርስቲ መልክ ነው የሚያበላሸው፣ ሚኒስትር ግን ትርጉም ይለውጣል።

አሁን ቃል የገባሁላችሁን ልንገራችሁ።

አንድ ተማሪ ስለ ባጃጅ አሽከርካሪዎች ያጠናውን ጽሑፍ ይዞ መጣ። ሰማንያ ምናምን ገጽ ነው። ከሦስት ሰው ኮምፒውተር የተሰበሰበ ስለሆነ ዩኒቨርሲቲ የሚለው ቃል በየምዕራፉ መልኩን ይቀይራል። አማካሪው «አንድ አድርገው» ብሎታል። እኔም መጀመሪያ ፍለጋ ውስጥ «ዩኒቨርሲቲ» ብዬ ገባሁ። ሽፋኑ ላይ ያለው አልመጣም። ለምን? ሽፋኑ ላይ ያለው በ«ስ» ነበር። ለእኛ ሲ እና ስ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን ሲ `U+1232`፣ ስ `U+1235` ናት፤ ዝምድና የሚባል ነገር አያውቅም። አንዱን ስትፈልጉ ሌላውን አያመጣም።

ሁለተኛ ሙከራዬ «ሙሉ ቃል ብቻ» የሚለውን ምርጫ አብርቼ «ዩኒቨርስቲ»ን መተካት ነበር። ይህም ግማሹን ብቻ ያዘ። አማርኛ ከፊት የ፣ ለ፣ በ ይለጥፋል፤ ከኋላ ው፣ ዎች፣ ያችን ይለጥፋል። «የዩኒቨርስቲው» ለኮምፒውተሩ ሌላ ሙሉ ቃል ነው። አማርኛ ላይ ያንን ምርጫ አታብሩት።

ሦስተኛው ላይ ተናደድኩ። «ዩኒቨርስቶች» የሚልም ስላለ ቲዋን ተውኩና አሳጥሬ «ቨርስ» የሚለውን ሁሉ «ቨርሲ» በል ብዬ ባንዴ ተካሁ። ልክ ጸሐፊው እንደመከሩት። አትሜ፣ ጠርዤ ሰጠሁት። በማግስቱ ተማሪው ፊቱ ቀልቶ ተመለሰ። ምዕራፍ ሦስት ላይ አሽከርካሪዎቹ በጠባብ መንገድ «ሪቨርሲ» ያደርጋሉ። አንደኛው መላሽ ደግሞ «ኮንቨርሲ» ጫማ ነው ያደረገው። ሪቨርስም ኮንቨርስም ውስጥ ያቺው «ቨርስ» አለች። በነፃ ደግሜ አተምኩለት።

ከዚያ በኋላ የምጠቀመው ይህን ነው። በሊብሬኦፊስ የፍለጋና መተኪያ ሳጥን ውስጥ ሬጉላር ኤክስፕረሽን የሚለውን ምርጫ አበራና የመጀመሪያውን መስመር መፈለጊያው ላይ፣ ሁለተኛውን መተኪያው ላይ አስገባለሁ።

```
ዩ[ኒን][ቨቬ]ር[ሲስ]([ቲቶ])
ዩኒቨርሲ$1
```

በማዕዘን ቅንፎቹ ውስጥ ያሉት ፊደሎች «ከእነዚህ አንዷ» ማለት ናቸው። መጨረሻ ላይ ቲ ወይም ቶ መኖሯ ግዴታ ስለሆነ ሪቨርስ፣ ኮንቨርስ፣ ስለ ጠፈር የሚወራበት ዩኒቨርስም አይነኩም። ከፊት የተለጠፈችው የ እና ከኋላ ያለችው ው እንዳሉ ይቀራሉ። `$1` ደግሞ በክብ ቅንፉ የተያዘችውን፣ ቲም ሆነች ቶ፣ መልሳ ታስቀምጣለች፤ ስለዚህ «ዩኒቨርስቶች» «ዩኒቨርሲቶች» ይሆናል። እንዲህም ሆኖ «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ወዲያው አልጫንም። መጀመሪያ «ሁሉንም ፈልግ» ብዬ የደመቁትን በዓይኔ አያለሁ። ቃል በቃል የተጠቀሰ ንግግር ወይም በሌላ መልክ የተመዘገበ የድርጅት ስም ካለ እዚያ ላይ እጄን አላነሳም። የሰው ስም የሰው ነው። አንድ ድርጅት ፈቃዱ ላይ «ራዲዮ» ከተባለ፣ እኔ ሬዲዮ ስለለመድኩ አልቀይርለትም።

«አንተ ለምን ሲን መረጥክ?» የሚል ይኖራል። እውነት ለመናገር አፋችን ሲፈጥን ስ ነው የሚለው፤ «ዩኒቨርስቲ ነው የማስተምረው» ነው የምንባባለው። ስለዚህ በስ የጻፈውን ሰው አልተሳሳትክም እለዋለሁ። እኔ ሲን የምመርጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሙሉውን ያየ አንባቢ ሲናገር ሊያሳጥረው ይችላል፤ አጭሩን ያየ ግን ስ ላይ አናባቢ ይኑር አይኑር ከየትም አያገኘውም፣ ትምህርት ላይ እንዳየነው። ሁለተኛው ተራ ምክንያት ነው፦ ተቋማቱ ራሳቸው በአብዛኛው በር ላይና ማኅተም ላይ በሲ ነው የሚጽፉት። ደብዳቤው ከማኅተሙ ጋር ሲጣላ ደስ አይልም።

ቴሌቪዥን፣ ፕሬዚዳንት፣ ኮምፒውተር፣ አውቶቡስም እንዲሁ ተመርጠው ግድግዳዬ ላይ በአንድ ወረቀት ተለጥፈዋል። ሬዲዮም አለች፤ እሷ ላይ ብቻ ምክንያት የለኝም፣ እጄ ስለለመዳት ነው። ደንበኛ «የለም፣ በራ ጻፍልኝ» ካለኝ በራ እጽፋለሁ። ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በራ ነው የሚሆነው።

ባለፈው አንድ ወጣት የቁርስ ቤት ሊከፍት ባነር ሊያሠራ መጣ። በስልኩ ጽፎ ያመጣው «ጂማ ዩንቨርስቲ ፊት ለፊት» የሚል ነው። በሩ ላይ እንዳለው «ጅማ ዩኒቨርሲቲ» ላድርገው ወይ አልኩት።

«ጋሼ፣ ረዘመ እኮ፤ ባነሩ ትንሽ ነው» አለኝ።

ሁለቱንም ስክሪኑ ላይ ደርድሬ አስቆጠርኩት። ዩንቨርስቲም ስድስት ፊደል፣ ዩኒቨርሲቲም ስድስት ፊደል። ሁለቴ ቆጠረ። ከዚያ «በል በሲ አርገው፤ ግን ጂማን በጂ ተዋት፣ እናቴ እንደዚያ ነው የምትለው» አለኝ። በጂ ተውኳት።